ከመጨረሻው ወንበር የሚነበብ የአማርኛ ስላይድ፦ ትንሹን የፊደል መጠን ማውጣትና ሁለት ፎንት ማጣመር

ለስብሰባ ስላይድ የሚያዘጋጅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፎንት በመምረጥ ነው። ለአዳራሽ ሲሆን ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ አዳራሹ ይለካል። ከልኬቱ ትንሹ የፊደል መጠን ይወጣል። የትኛው ፎንት በዚያ መጠንና በዚያ ርቀት ይነበባል የሚለው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ አለው እንበል። አዳራሹ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ወለሉ ደልዳላ፣ መስኮቱ ብዙ። ገንዘብ ያዡ የዓመቱን ገቢና ወጪ በፓወርፖይንት አዘጋጅቷል፦ ዘጠኝ መስመር፣ በ24 መጠን። ላፕቶፑ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። አዳራሹ ውስጥ ግን ከመሀል ወደ ኋላ የተቀመጠው ሰው ምንም አያነብም። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ያሳየናል።

1. አዳራሹን ለኩ

የሚያስፈልጉት ሁለት ልኬቶች ብቻ ናቸው። አንደኛው ከስክሪኑ እስከ መጨረሻው ረድፍ ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ምስል ቁመት ነው። ልብ በሉ፣ የሚለካው ብርሃኑ እንጂ ጨርቁ አይደለም። ፕሮጀክተሩ ወደ ግድግዳው ቀርቦ ከተቀመጠ ምስሉ የጨርቁን ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ፕሮጀክተሩን በስብሰባው ቀን በሚቀመጥበት ቦታ አድርጋችሁ፣ አንድ ስላይድ ሙሉ ስክሪን ከፍታችሁ ለኩ።

በምሳሌያችን ርቀቱ 18 ሜትር ነው። ምስሉ ወርዱ 2 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ35 ሆነ።

እግረ መንገዳችሁን መጨረሻው ረድፍ ላይ ቁጭ በሉ። ቆማችሁ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ። ወለሉ ደልዳላ በሆነ አዳራሽ የምስሉን ታችኛ ክፍል የፊተኞቹ ጭንቅላት ይጋርደዋል። ሁለት ሦስት ሰው ፊት ለፊታችሁ ካስቀመጣችሁ ምን ያህሉ እንደሚጋረድ ታያላችሁ። እዚያ ላይ የሚጻፍ ነገር መጠኑ የፈለገውን ያህል ቢሆን አይነበብም።

2. ትንሹን መጠን አውጡ

እኔ የምጠቀምበት ስሌት ቀላል ነው። ርቀቱን በሜትር ወስዳችሁ ለሁለት አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር አንድ ፊደል ግድግዳው ላይ ሊኖረው የሚገባው ቁመት ነው፣ በሴንቲሜትር። ለ18 ሜትር 9 ሴንቲሜትር ማለት ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ዓይን ሐኪም ቤት ያለው የፊደል ሰሌዳ ላይ ጤናማ ዓይን በ6 ሜትር ርቀት ሊለየው የሚገባው ፊደል ቁመቱ 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ18 ሜትር ሲሰላ 2.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። ያ ግን ዓይን ጠበብ ተደርጎ፣ ፊደል በፊደል እየተለየ የሚታይበት ዳር ነው። ስብሰባ ላይ ሰው የሚያነበው እየሰማ ነው፤ መነጽሩን ቤት የረሳም አለ፤ መስኮቱም ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ከዚያ ዳር ሦስት እጥፍ ከፍ እንላለን። የላቲን ፊደል ለሚያነብ ይህ ምቹ ነው። ለእኛ ፊደል ግን የቅንጦት መጠን አይደለም፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

አሁን 9 ሴንቲሜትሩን ወደ ፎንት መጠን እንቀይር። የፓወርፖይንት ስላይድ ቁመቱ 7.5 ኢንች፣ ማለትም 540 ፖይንት ነው። የእኛ ምስል ቁመቱ 135 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሴንቲሜትር 4 ፖይንት ይሆናል። 9 ሴንቲሜትር 36 ፖይንት መጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 36 ብሎ ይጽፍና ይጨርሳል። ነገር ግን ፎንት ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር የፊደሉ ቁመት አይደለም። ከፊደሉ በላይና በታች የተተወውን ባዶ ቦታ ይጨምራል። ምን ያህሉ ፊደል፣ ምን ያህሉ ባዶ እንደሆነ ከፎንት ፎንት ይለያያል። መለካቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስላይድ ላይ «በ»ን በ100 መጠን ጻፉ። ከፊደሉ አናት እስከ እግሩ ጫፍ ልክ የሚሆን አራት ማዕዘን ሣሉበት። ከዚያ `Shape Format` ውስጥ ቁመቱን በሴንቲሜትር አንብቡ። 100 ፖይንት 3.53 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ ያነበባችሁትን ለ3.53 አካፍሉ። 2.47 ካነበባችሁ ፊደሉ ከፎንቱ መጠን 0.7 ያህል ነው።

«በ»ን የመረጥኩት ሙሉ ቁመት ካላቸው ፊደላት አንዱ ስለሆነ ነው። «ወ» እና «ዐ» በብዙ ፎንቶች አጠር ይላሉ። በእነሱ ከለካችሁ ሌላ ቁጥር ይመጣል።

ምሳሌያችን ላይ 0.7 ወጣ እንበልና ሁሉንም እንሰብስበው፦

```
የፊደል ቁመት በሴ.ሜ. = ርቀት በሜትር ÷ 2
የፎንት መጠን = የፊደል ቁመት × (540 ÷ የምስል ቁመት በሴ.ሜ.) ÷ 0.7

18 ÷ 2 = 9
9 × (540 ÷ 135) ÷ 0.7 = 51.4
```

ወደ ላይ አጠጋግተን 54 እንውሰድ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ቁጥር እሱ ነው። ይህ የዋናው ጽሑፍ መጠን ነው። ለግራፍ መለያ ወይም ለሠንጠረዥ ርዕስ ዓይነት ጥቃቅን ነገር ርቀቱን በሁለት ፋንታ በሦስት ማካፈል ይቻላል። 6 ሴንቲሜትር ይመጣል፤ በፎንት መጠን ሲሆን 34 ነው፣ 36 እንበለው። ከዚያ በታች ምንም አይጻፍም። እዚያ ላይ ድርድር የለም።

ወደ ገንዘብ ያዡ 24 እንመለስ። 24 ፖይንት በ0.7 ሲባዛ 16.8፣ ግድግዳው ላይ 4.2 ሴንቲሜትር ነው። በእጥፍ ሲሰላ በምቾት የሚነበበው እስከ 8 ሜትር ተኩል ድረስ ብቻ ነው። አዳራሹ ግን 18 ሜትር ነው።

ጎግል ስላይድስ የምትጠቀሙ ከሆነ 540ን በ405 ተኩት። የእሱ ስላይድ ቁመቱ 5.625 ኢንች ነው። ስለዚህ እዚያ 24 ብላችሁ የጻፋችሁት ግድግዳ ላይ ሲወጣ ከፓወርፖይንት 32 ጋር እኩል ነው። «ከ24 በታች አትጻፉ» የሚባለው ምክር ፕሮግራሙና አዳራሹ ካልተጠቀሱ ትርጉም የሌለው ለዚህ ነው።

3. የዋናውን ጽሑፍ ፎንት ምረጡ

የዋናው ጽሑፍ ፎንት ቆንጆ መሆን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት አንድ ፊደል ከሌላው ጋር እንዳይምታታ ማድረግ ነው።

የአማርኛ ፊደል ልዩ ችግር እዚህ ላይ ነው። «ግቡ» እና «ግቢ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። ለ«ቡ» ከቀኝ እግሩ መሀል ትወጣለች፤ ለ«ቢ» ከእግሩ ጫፍ። «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው አናት ላይ ያለ ትንሽ ሰረዝ ነው፤ «ጠ»ን ከ«ጨ» የሚለየውም እንዲሁ ትንሽ ምልክት ነው። ፊደሉ 9 ሴንቲሜትር ቢሆንም ቅጥያዋ ከዚያ በጣም ታንሳለች። ከሩቅ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ደግሞ የአማርኛ ቃል ትርጉሙን፣ ጾታውንና ቁጥሩን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ በእሷ ነው። 9 ሴንቲሜትርን ቅንጦት አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን እጩ ፎንት በዚህ መስመር ፈትኑት፦

«ግቡ ግቢ ተቸ ጠጨ ነኘ ሏ ቧ ጯ 2,750»

ሦስት ነገር እዩ። ቅጥያዋ ከእግሩ ርቃ ወጥታለች ወይስ ተጣብቃለች? የመስመሮቹ ውፍረት ተመጣጣኝ ነው ወይስ አንዱ ወፍራም ሌላው የክር ያህል ነው? የ«ጨ» እና የ«ጯ» ውስጥ ክፍተት ይታያል ወይስ ተደፍኗል?

በዚህ ፈተና እኔ የማስቀድመው Noto Sans Ethiopic ነው። ነጻ ነው፣ መስመሩ ወጥ ነው፣ ከስስ እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ አለው። ለአዳራሽ Regular ወይም Medium ይበቃል። Black የሚባለው ክፍተቶቹን ይደፍናል። ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣው Ebrima ለዋናው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ የራሱ ቦልድም አለው። ማክ ላይ Kefa አለ። Nyala ግን ለአዳራሽ አይመከርም። ስስ መስመሮቹ በደካማ ፕሮጀክተር ይጠፋሉ፤ ፊደሉም በተመሳሳይ ቁጥር ከሌሎቹ አነስ ብሎ ይታያል። ለታተመ ገጽ ሲሆን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ቦልድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፎንቱ የራሱ ቦልድ ከሌለው፣ B ስትጫኑ ፕሮግራሙ ፊደሉን በራሱ ያወፍረዋል። ውጤቱ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። «ጨ» እና «ጬ» ጥቁር እብጠት ይሆናሉ። Nyala እና Abyssinica SIL የራሳቸው ቦልድ የላቸውም። ጽሑፉን ማዝመምና ከሥሩ ማስመርም እንዲሁ ይቅር። የሥር መስመር የፊደሉን እግር ነክቶ «ቢ»ን የማይለይ ያደርገዋል። አጽንዖት ካስፈለገ ቀለም ቀይሩ ወይም እውነተኛውን ቦልድ ተጠቀሙ።

4. ለርዕሱ ጓደኛ ፈልጉለት

ሁለተኛው ፎንት ሥራው አንድ ነው፤ ርዕስ መሆን። ተመልካቹ ዓይኑን ሲያነሳ «ይሄ ርዕስ፣ ይሄ ዝርዝር» ብሎ ወዲያው እንዲለይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በግልጽ ሊለያዩ ይገባል። Ebrima እና Noto Sans Ethiopicን ማጣመር ምንም አይጨምርም። ይቀራረባሉ፤ ሰው ያስተዋለው እንደሆነ ስህተት ይመስለዋል።

የሚሠራው ጥንድ አንዱ ወጥ መስመር ያለው፣ ሌላው ደግሞ የብዕር አጣጣል የሚታይበት ሲሆን ነው። ለኛ ምሳሌ ሁለት ምርጫ አለ። Abyssinica SIL በእጅ ጽሕፈት ወግ የተሠራ ነው፤ ወፍራምና ስስ መስመሩ የብራና መጽሐፍ ያስታውሳል። ርዕሱ ሦስት አራት ቃል ከሆነና ፕሮጀክተሩ ደህና ብርሃን ካለው በጣም ያምራል። Noto Serif Ethiopic ደግሞ እውነተኛ ቦልድ ስላለው መስኮቱ ብዙ ለሆነ አዳራሽ ይሻላል። የእኛ አዳራሽ ብርሃን ስለሚበዛበት ሁለተኛውን፣ በቦልድ፣ እወስዳለሁ።

መጠኑን ስታስተካክሉ በቁጥር ብቻ አትመሩ። የርዕሱንም ፎንት «በ» በአራት ማዕዘኑ ለኩት። ግድግዳው ላይ የርዕሱ ፊደል ከዝርዝሩ ፊደል በግልጽ ከፍ ማለት አለበት። ለእኛ 66 ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። «ሁለት ፎንት ነው የተጠቀምኩት» ብላችሁ ሦስተኛ ሊገባ ይችላል። ለምሳሌ ፎንት ሳጥኑ ላይ Arial ብትመርጡና አማርኛ ብትጽፉ፣ Arial የአማርኛ ፊደል ስለሌለው ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ሌላ ይተካል። ዊንዶውሱ አንዱን፣ ማኩ ሌላውን። ቁጥሮችና የእንግሊዝኛ ስሞችም በተቃራኒው እንዲሁ ሊሆኑ ይችላሉ። «በ2017 ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉና ቁጥሩ ከፊደሉ ጋር እኩል ቆሞ እንደሆነ እዩ። ለሂሳብ ሪፖርት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ቁጥሩን ነው።

5. ፋይሉ ላይ ቆልፉት

ሁለቱን ፎንቶችና መጠኖች እያንዳንዱ ስላይድ ላይ አታስተካክሉ። `View > Slide Master` ግቡና እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ወስኑ። ርዕሱ 66፣ ዝርዝሩ 54።

ከዚያ አስፈላጊው ነገር ይመጣል። ፓወርፖይንት ጽሑፍ ሲበዛበት ፊደሉን ሳይነግራችሁ ያሳንሳል። 54 ብላችሁ የወሰናችሁት ስምንተኛው መስመር ሲገባ ወደ 40 ይወርዳል። ስለዚህ ሳጥኑን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ `Format Shape > Text Options > Text Box` ውስጥ `Do not Autofit` የሚለውን ምረጡ። ጽሑፉ ከሳጥኑ ቢፈስ ይሻላል። ቢያንስ እንደበዛ ታያላችሁ።

የመስመር ርቀቱን ደግሞ `Paragraph` ውስጥ `Exactly` አድርጉ። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አናታቸው ላይ ክፍት ቦታ ስላላቸው መስመሮቹ ይተነፍሳሉ። የእኛ ፊደላት አብዛኞቹ ሙሉ ቁመት ስለሆኑ የላይኛው መስመር እግርና የታችኛው አናት ይቀራረባሉ። ለ54 መጠን 66 ፖይንት ጥሩ መነሻ ነው።

`Home > Replace > Replace Fonts` ውስጥ ብትገቡ ፋይሉ የሚጠቀምባቸው ፎንቶች ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። ያልጠራችሁት ስም ካለ እዚያው በራሳችሁ ፎንት ተኩት። ከሌላ ሰው የተገለበጠ አሮጌ ጽሑፍ ፎንቱ ሲቀየር ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ከተለወጠ፣ በዱሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ፎንት በመቀየር አይድንም፤ እንደገና ይተየባል ወይም በመቀየሪያ ይለወጣል።

በመጨረሻ `File > Options > Save` ውስጥ `Embed fonts in the file` ላይ ምልክት አድርጉ። የአዳራሹ ኮምፒውተር Noto ላይኖረው ይችላልና። አንድ ፒዲኤፍ ቅጂም ፍላሽ ላይ ይኑር።

6. ቤት ውስጥ ፈትኑ

አዳራሹ ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ መሞከር ይቻላል። ርቀቱን ለምስሉ ወርድ አካፍሉ። 18 ለ2.4 ሲካፈል 7.5 ነው። አሁን ላፕቶፑ ላይ ያለውን ስላይድ ወርድ ለኩ። 30 ሴንቲሜትር ከሆነ በ7.5 አባዙት፤ 2 ሜትር ከ25 ይሆናል። ስላይዱን ሙሉ ስክሪን ክፈቱና ያን ያህል ራቁ። የምታዩት መጨረሻው ረድፍ የሚያየውን መጠን ነው።

ፈተናውን እናንተ አታድርጉት። የጻፈው ሰው ባያይም ያነባል፤ ቃሉን ያውቀዋላ። ስላይዱን ያላየ ሰው አስጠሩና ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። ካመነታ፣ ካጎነበሰ ወይም «ወጪ» የሚለውን «ወጩ» ብሎ ካነበበ መጠኑን ጨምሩ። የላፕቶፕ ስክሪን ከፕሮጀክተር የጠራ ስለሆነ እዚህ ያስቸገረ ነገር እዚያ ጨርሶ አይነበብም። ቀን ላይ፣ መስኮት ባለበት አዳራሽ፣ ጥቁር ፊደል በነጭ መደብ ላይ አድርጉ። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን የለውም፤ የምታገኙት ጥቁር ጨርቁ ራሱ ካለው ጥላ አይበልጥም። ግራጫ ፊደልማ አይታሰብም።

7. አልገባ ሲል

ሂሳቡን እንሥራ። ስላይዱ 540 ነው። ከላይና ከታች 30፣ 30 ብንተው 480 ይቀራል። ርዕሱ ከነክፍተቱ 100 ይወስዳል። በቀረው 380 ውስጥ በ66 ርቀት አምስት መስመር ይገባል። በአንድ መስመር አራት ቃል ገደማ ይሆናል። የገንዘብ ያዡ ዘጠኝ መስመር ለሁለት ስላይድ ተከፈለ ማለት ነው፤ አንዱ ገቢ፣ አንዱ ወጪ። «ከልዩ ልዩ የገቢ ምንጮች የተሰበሰበ ጠቅላላ ገቢ» የሚለው ደግሞ «ጠቅላላ ገቢ» ይሆናል። የቀረውን በአፍ ይናገረዋል።

ከዚያ በታች መውረድ የግድ ከሆነ የሚቀየረው አዳራሹ ነው። የኋላዎቹን ረድፎች አንስታችሁ የመጨረሻውን ወንበር ወደ 12 ሜትር ብታመጡት ስሌቱ 34 ይሆናል፤ በ36 በምቾት ይነበባል፤ በአንድ ስላይድ ላይም ስምንት መስመር ይገባል። ወይም ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ ስባችሁ ምስሉን አስፉት፤ ግን ብርሃኑ ስለሚበተን ምስሉ ይደበዝዛል። መስኮቱን መጋረድ ካልቻላችሁ ይህ ብዙም አይረዳም።

የእያንዳንዱን ቤት መዋጮ የያዘው የሠላሳ መስመር ሠንጠረዥ ግን በምንም ዘዴ አይገባም። እሱን አባዝታችሁ በር ላይ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ስጡ። ስላይዱ ላይ በ54 «ሠንጠረዡ እጃችሁ ላይ ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል።